የራውተር ፈርምዌር አፕዴት፦ ከስልክና ከላፕቶፕ በምን ይለያል፣ እንዴትስ ይሠራል?

«ስልኬ በየጊዜው አፕዴት ያደርጋል፤ ላፕቶፔም ሌሊት ተኝቼ ይጨርሰዋል፤ ታዲያ ራውተሩን ለምን ልነካው? እየሠራ አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይቀርብልኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ለማሳያ የወሰድኩት በብዙ ቤትና ሱቅ የሚገኘውን TL-WR841N የተባለውን የቲፒ-ሊንክ ራውተር ነው። የእርስዎ ራውተር ሌላ ዓይነት ከሆነ የምናሌዎቹ ስም ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉና ምክንያቱ ያው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። የፋይበር መስመሩ በቀጥታ የሚገባበትን፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አምጥቶ የተከለልዎትን ሳጥን በዚህ መመሪያ አይንኩት። እንዲህ ያለው ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከአቅራቢው በኩል ከሩቅ የሚተዳደርና ፈርምዌሩም በአቅራቢው የሚመረጥ ስለሆነ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ፋይል ቢጭኑበት መስመሩ ጭራሹን ሊቋረጥ ይችላል። መመሪያው የሚያገለግለው በራስዎ ገንዘብ ገዝተው ላስገቡት ራውተር ነው።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ይህ ከውስጡ የተጫነው ሶፍትዌር በጠቅላላ ፈርምዌር ይባላል። ስልክዎ ግን ስክሪን ስላለው አዲስ ነገር ሲመጣ ይነግርዎታል፤ ራውተሩ መንገሪያ የለውም። መብራቱ እያረነጓደ፣ ዋይፋዩ እየሠራ፣ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር የስድስት ዓመት አሮጌ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ሞዴሎች ራሳቸው እየፈተሹ የሚያዘምኑ አሉ፤ እንደ TL-WR841N ያሉት ርካሽና የቆዩ ራውተሮች ግን ባለቤቱ ገብቶ ካላየላቸው ከፋብሪካ እንደ ወጡ ይኖራሉ።

ሁለተኛው ልዩነት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ከታች የምነግርዎት ጥንቃቄ በሙሉ ማለት ይቻላል ከእሱ የሚመነጭ ነው። ብዙ የአሁን የአንድሮይድ ስልኮች ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በሁለት ቦታ ያስቀምጣሉ። አዲሱ የሚጫነው በማይሠራበት ቦታ ላይ ስለሆነ መሐል ላይ ቢቋረጥ ወይም አዲሱ አልነሣ ቢል ስልኩ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ላፕቶፕም ቢሆን መመለሻ መንገድ አያጣም። TL-WR841N አሥራ አራተኛው እትም ግን ያለው ቋሚ ማከማቻ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ስልክዎ ከሚያነሣው አንድ ፎቶ ጋር የሚቀራረብ ቦታ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ፈርምዌር አይገባም። ስለዚህ ራውተሩ አዲሱን ፋይል በጊዜያዊ ሜሞሪው ይዞ፣ አሮጌውን ይደመስስና በዚያው ቦታ ላይ አዲሱን ይጽፋል። ከድምሰሳው እስከ ጽሕፈቱ ፍጻሜ ባሉት ደቂቃዎች ራውተሩ የሚመለስበት አሮጌ ሶፍትዌር የለውም፤ አዲሱም ገና አልተጠናቀቀም። በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ ግማሽ የተጻፈ ፈርምዌር የያዘ የፕላስቲክ ሳጥን ይቀርዎታል።

ሦስተኛው፣ ስልክ ፋይሉን መርጦ የሚያወርደው ራሱ ሲሆን በእንዲህ ያለ ራውተር ግን መራጩ እርስዎ ነዎት። እዚህ ላይ ስሙ ያሳስታል። TL-WR841N በሚል አንድ ስም ለዓመታት የተሸጡት ዕቃዎች ውስጣቸው አንድ አይደለም፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው እትም ድረስ የነበረው ቺፕ በአሥራ ሦስተኛው በሌላ ኩባንያ ቺፕ ተተክቷል። ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ራውተሮች የአንዱ ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም።

ካልተዘመነስ ምን ይመጣል?

ራውተሩ በቤትዎ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ፊቱን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ያዞረው እሱ ነው፤ ስልኩና ላፕቶፑ ከጀርባው ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ቪፒኤን-ፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ቢያንስ በ54 አገሮች ወደ 500,000 በሚጠጉ ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ መግባቱን የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ይፋ አድርጎ ነበር፤ ከተጠቁት ሞዴሎች መካከል TL-WR841N ይገኝበታል። ተጠቃሚዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ በጊዜው ተመክሮ ነበር። የመጀመሪያው ክፍሉ ግን ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራም የማይለቅ ስለነበር ሙሉ ለሙሉ ለማጽዳት ሪሴት ማድረግና ፈርምዌሩን ማዘመን ያስፈልግ ነበር። ከዚያም በዚያው አቆጣጠር በሰኔ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት CVE-2023-33538 የሚል መለያ ያለውን ክፍተት አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ነው በሚላቸው ክፍተቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በእሱ የሚጠቁት የTL-WR841N ስምንተኛና አሥረኛ እትሞችና ጥቂት ሌሎች የቆዩ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች ናቸው።

ራውተሩን የያዘ ሰው ስልክዎን መስበር ሳያስፈልገው የዲኤንኤስ ቁጥሩን ብቻ ይለውጣል። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚመልስ አገልግሎት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ በቤቱ ያለ ስልክ ሁሉ የጠየቀውን ገጽ ትቶ ወደ ሌላ ሊላክ ይችላል። ስልኩ የትናንት አፕዴት ቢኖረውም እንኳ ራውተሩ የሰጠውን የዲኤንኤስ ቁጥር ነው የሚቀበለው፤ «ስልኬ ዘምኗልና ራውተሩ ይቆይ» የማይባለውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር። ላፕቶፑ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ማስተላለፊያ።
- አንድ የኔትወርክ ገመድ፤ ከራውተሩ ጋር በካርቶኑ የመጣው አጭሩ ይበቃል።
- የራውተሩ የራሱ ቻርጀር። ሌላ ተመሳሳይ ጫፍ ያለው አይሆንም፤ ቮልቱና አምፔሩ ከጀርባው ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።
- መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ራውተሩን ለግማሽ ሰዓት የሚያቆይ ዩፒኤስ።
- ፎቶ የሚያነሣ ስልክ።
- ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠዎት የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የተጻፈበት ወረቀት።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያጡት የመጨረሻውን ነው። መስመሩ የገባ ዕለት ቴክኒሻኑ ሞልቶት ስለሄደ ወረቀቱ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። አዲሱ ፈርምዌር አሮጌውን ቅንብር ካጠፋው ግን ያለዚያ ስምና የይለፍ ቃል ኢንተርኔቱ አይመለስም። ወረቀቱ ከሌለ መጀመሪያ ከአቅራቢው ያግኙት፤ ከዚያ በፊት ወደሚቀጥለው ክፍል አይለፉ።

አሠራሩ

1. የራውተሩን ጀርባ ገልብጠው ፎቶ ያንሡ። በነጩ ወረቀት ላይ የሞዴሉ ስም፣ ለምሳሌ `TL-WR841N(EU)`፣ ከአጠገቡ ደግሞ `Ver: 14.0` የሚመስል ጽሑፍ ያገኛሉ። በቅንፍ ያሉት ሁለት ፊደላት ዕቃው የተሠራለትን የዓለም ክፍል፣ `Ver` የሚለው የዕቃውን እትም ያመለክታሉ። ፈርምዌር ሲመርጡ ሦስቱም፣ ማለትም ስሙ፣ ክፍለ ዓለሙና እትሙ፣ ሊገጥሙ ይገባል። በአእምሮ ከመያዝ ፎቶው ይሻላል፤ ሰው 13ንና 14ን በቀላሉ ያምታታል።

2. በገመድ ይገናኙ። ገመዱን ቢጫ ቀለም ካላቸው አራት መሰኪያዎች በአንዱ እና በላፕቶፑ መካከል ይሰኩ፤ ሰማያዊው የኢንተርኔት መግቢያ ነው። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ። ራውተሩ አዲሱን ፈርምዌር በሚጽፍበት ጊዜ ዋይፋዩ ሊቋረጥ ስለሚችል ፋይሉን በዋይፋይ ሲልኩ መሐል ላይ የመቁረጥ አደጋ አለ። የላፕቶፑ ዋይፋይ ካልጠፋ ደግሞ ሳያውቁት በጎረቤት ወይም በሌላ ራውተር በኩል ገብተው ሊሠሩ ይችላሉ።

3. ወደ ራውተሩ ገጽ ይግቡና አሁን ያለውን ፈርምዌር ያንብቡ። በብሮውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
http://192.168.0.1
```

የይለፍ ቃሉን ያስገቡና `Status` የሚለውን ይክፈቱ። `Firmware Version` እና `Hardware Version` የሚሉ ሁለት መስመሮች ያያሉ። ሁለተኛው ከጀርባው ወረቀት ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። በመጀመሪያው መስመር ውስጥ `Build` ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ቀን ነው። `Build 180319` ማለት መጋቢት 19 ቀን 2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ ማለት ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው አሮጌውን ፈርምዌር የቅርብ ጊዜ አድርጎ ሊገምተው ስለሚችል ልብ ይበሉ።

4. ትክክለኛውን ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ወደ `tp-link.com` ገብተው በድጋፍ ክፍሉ የሞዴሉን ስም ይፈልጉ። ገጹ ሲከፈት የዕቃውን እትም የሚያስመርጥ ሳጥን አለ፤ አስቀድሞ ተመርጦ የሚቆየው የእርስዎ እትም ላይሆን ስለሚችል ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ይምረጡ። በ`Firmware` ዝርዝር ውስጥ ካሉት ቀኑ የቅርብ የሆነውን ያውርዱ፤ ቀኑ ራውተርዎ ላይ ካነበቡት ጋር አንድ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ አበቃ፣ የሚጫን አዲስ ነገር የለም። ፋይሉን ከቴሌግራም ቻናል፣ ከወዳጅ ፍላሽ ወይም «ሁሉም ፈርምዌር እዚህ አለ» ከሚሉ ድረ ገጾች አይውሰዱ፤ ፈርምዌር የራውተሩ ሙሉ ሶፍትዌር ስለሆነ በውስጡ የተቀየረ ነገር ቢኖር የሚያስጠነቅቅዎት አንቲቫይረስ በራውተሩ ላይ የለም።

5. የወረደውን ዚፕ ይፍቱት። የሚጫነው ዚፑ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስሙ በ`.bin` የሚያልቀው ፋይል ነው። በመፍታት ላይ ኮምፒውተሩ ስህተት አለ ካለዎት ፋይሉ ተቆርጦ ወርዷልና ጥለው እንደገና ያውርዱ። ዚፕ በሚፈታበት ጊዜ ይዘቱ መጉደል አለመጉደሉ ስለሚመረመር ይህ በነጻ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው።

6. ያሉትን ቅንብሮች ያስቀምጡ። በ`System Tools` ሥር `Backup & Restore` የሚለውን ከፍተው `Backup` ይጫኑ። የሚወርደውን ፋይል ወዲያውኑ ስሙን ይቀይሩና ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያኑሩት፤ እሱም በ`.bin` የሚያልቅ ስለሆነ ከፈርምዌሩ ጋር ሊምታታ ይችላል። ከዚያ የኢንተርኔት መግቢያውን፣ የዋይፋዩንና ለስልኮቹ አድራሻና የዲኤንኤስ ቁጥር የሚያድለውን የዲኤችሲፒውን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። በአሮጌ ፈርምዌር የተቀመጠ ቅንብር በአዲሱ ላይ ሁልጊዜ አይመለስም፤ ፎቶው ግን በእጅ ለመሙላት ምንጊዜም ያገለግላል። በፎቶው ላይ የይለፍ ቃል በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ከላይ ያልኩትን ወረቀት አይተካም።

7. ራውተሩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩት፤ የሰማያዊውን መሰኪያ ገመድም ይንቀሉ። አሥራ አራተኛው እትም ያለው ጊዜያዊ ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ነው፤ ራውተሩ ለወራት ሳይጠፋ ሲሠራ ከቆየና ብዙ ስልኮች ከተገናኙበት ለአዲሱ ፋይል የሚሆነው ቦታ ይጠብባል። ፋይሉ አስቀድሞ ስለወረደ ኢንተርኔት አሁን አያስፈልግዎትም።

8. ፈርምዌሩን ይጫኑ። በ`System Tools` ሥር `Firmware Upgrade` ይክፈቱ፤ በ`.bin` የሚያልቀውን የፈርምዌር ፋይል ይምረጡና `Upgrade` ይጫኑ። ከዚህ በኋላ እጅዎን ያንሡ። ገጹን አይዝጉ፣ አያድሱ፣ ገመድ አይንቀሉ። የመቶኛ መስመሩ ቆሞ ቢመስልም፣ መብራቶቹ ጠፍተው ቢበሩም፣ ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ እስኪነሣ ይጠብቁ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ እኔ ግን የተጣበቀ መስሎ ቢታየኝ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አልነካውም።

9. መሥራቱን ያረጋግጡ። ተመልሰው ይግቡና በ`Status` ገጽ የ`Build` ቁጥሩ መለወጡን ይዩ። ቁጥሩ ካልተለወጠ፣ ገጹ ምንም ቢል፣ አልተጫነም። ከዚያ የሰማያዊውን መሰኪያ ገመድ መልሰው ኢንተርኔቱን ይሞክሩ። በዲኤችሲፒ ገጽ ላይ እርስዎም አቅራቢውም ያላስገባችሁት የዲኤንኤስ ቁጥር ካለ ያጥፉት። `Remote Management` የሚለው፣ ከውጭ ኢንተርኔት ወደ ራውተሩ ገጽ የሚያስገባው በር፣ መዘጋቱንም ይመልከቱ። አዲስ ፈርምዌር የተከፈተ በርን ሁልጊዜ አይዘጋም፤ ይህ ቅንብር እንደ ነበረ ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ ጎረቤቴ በሱቁ ውስጥ ያለው ራውተር ስልኮችን «የማናውቀው ገጽ ላይ ይወስደናል» ብሎ ጠራኝ። ጀርባውን ሳየው `Ver: 14.0` ይላል፤ `Status` ላይ ደግሞ `Build 180319` ይነበባል። ከሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ ፈርምዌሩን ማንም አልነካውም ማለት ነው። የዲኤችሲፒ ገጹን ስንከፍት የማናውቃቸው ሁለት የዲኤንኤስ ቁጥሮች ተሞልተው አገኘን።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አንድ ቦታ ቀየርኩት። በዘወትሩ አሠራር ቅንብሩ በስድስተኛው እርምጃ ተቀምጦ አስፈላጊ ሲሆን ይመለሳል። ራውተሩ ተነካክቷል ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ ግን የተቀመጠውን ቅንብር መመለስ ሌባ የቀየረውን የበር ቁልፍ መልሶ መግጠም ነው፤ የተለወጠው የዲኤንኤስ ቁጥር በዚያው ፋይል ውስጥ አለና። ስለዚህ የባክአፕ ፋይል አላስቀመጥንም፤ የገጾቹን ፎቶ ብቻ አንሥተን ከአቅራቢው የተሰጠውን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ያዝን። ፋይሉን የራውተሩን ኢንተርኔት ትተን በስልኬ ዳታ አወረድነው፤ የዲኤንኤስ ቁጥሩ የተለወጠ ራውተር የሚያሳየው የማውረጃ ገጽ የአምራቹ ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያው ሙከራ ቸኩዬ የአሥራ ሦስተኛውን እትም ፋይል አውርጄ ኖሯል። ራውተሩ ሳይቀበለው ቀረና አሮጌው ፈርምዌር እንዳለ ቀጠለ። እንዲህ ያለው እምቢታ ደግ ነው፤ ራውተሩ መደምሰስ ሳይጀምር የፋይሉን ራስጌ አንብቦ ነው የመለሰው። ገጹ ላይ ተመልሼ 14ን መረጥኩ፤ የወረደው ዚፕ በስሙ ውስጥ `V14` እና `200903` የሚል ነበረው። ሱቁ ዩፒኤስ ስለነበረው ራውተሩን በእሱ ላይ ሰክተን ጫንነው። ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ተነሥቶ `Build 200903` አሳየ።

ከዚያ ከጀርባ ያለውን `WPS/RESET` የተጻፈበትን ቁልፍ መብራቶቹ እስኪለወጡ፣ ወደ አሥር ሰከንድ ያህል፣ ተጭነን ያዝን። ይህ ቁልፍ ለአጭር ጊዜ ሲነካ ሌላ ሥራ ስላለው ቶሎ መልቀቅ አይገባም። ራውተሩ ባዶ ሆኖ ሲነሣ አዲስ የመግቢያ የይለፍ ቃል አወጣንለት፤ የአቅራቢውን ስምና የይለፍ ቃል ከወረቀቱ፣ የዋይፋዩን ስም ከፎቶው ሞላን። የዋይፋዩን የይለፍ ቃልም ለወጥነው፤ የቀድሞውን ማን እንደሚያውቀው አይታወቅምና። ስልኮቹ ሁሉ እንደገና መገናኘት ነበረባቸው፤ ባለሱቁን ያማረረው እሱ ብቻ ነበር።

ማስጠንቀቂያ

መብራት በሚሄድበት ሰዓት አይጀምሩ። ለራሴ ዘመድ ስሠራ፣ «ዛሬ እኮ መብራት ቀኑን ሙሉ አለ» ተባልኩና ያለ ዩፒኤስ ጀመርኩ፤ የመቶኛው መስመር ከግማሽ አልፎ ሳለ ቤቱ ጨለመ። መብራት ሲመጣ ራውተሩ አንዱን መብራት ብቻ አብርቶ ቀረ፤ ገጹም አልከፈት አለ፤ ዋይፋዩም አልታየም። እንዲህ የሆነ ራውተር ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም። ከፈርምዌሩ በፊት የሚነሣው ትንሹ የማስነሻ ፕሮግራም ካልተነካ፣ የሪሴት ቁልፉን ተጭኖ በማብራት ከኮምፒውተር በገመድ ፋይል እንዲቀበል ማድረግ የሚቻልባቸው ሞዴሎች አሉ። ሥራው ግን የኮምፒውተሩን አድራሻ በእጅ መለወጥና ለዚያ የተዘጋጀ የፋይል ስም ስለሚጠይቅ ፍላሽ ማድረግ ለሚችል ባለሙያ ይስጡት።

ላፕቶፑም በባትሪው ጫፍ ላይ ሆኖ አይጀምር። ፋይሉ ወደ ራውተሩ በሚላክበት ሰዓት ላፕቶፑ ቢጠፋ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አይደርስም፤ መጻፉ ገና አልተጀመረምና። ግን የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ ሳያውቁ ደንግጠው ራውተሩን መንቀልዎ አይቀርም፤ አደጋው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*ዚፑን እንዳለ መጫን፣ ወይም የባክአፑን ፋይል በፈርምዌሩ ቦታ መምረጥ።* ራውተሩ አይቀበልም፤ ጉዳትም የለውም። በቆዩት የTL-WR841N ገጾች ላይ `Error code: 18005` የሚል ከመጣ የተሰጠው ፋይል ለዚያ ዕቃ አይደለም ማለት ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ ራውተሩ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ፤ ፋይሉን ማስተካከል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

*አፕዴቱ ፍጥነት ይጨምራል ብሎ መጠበቅ።* ከአቅራቢው የገዙት ፍጥነት በፈርምዌር አይለወጥም። አንዳንድ እትሞች የዋይፋይ መቆራረጥን ያስተካክላሉ፤ የዚያን ዝርዝር በማውረጃው ገጽ ላይ ከፋይሉ ሥር ያገኙታል።

*ወደ አሮጌ እትም መመለስ።* አዲሱ አልተስማማኝም ብለው አሮጌውን የሚጭኑ አሉ። ስልክ ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ይከለከላል፤ ራውተሮች ግን የሚፈቅዱ ስላሉ የተዘጋው ቀዳዳ በገዛ እጅ ይከፈታል። አዲሱ ካስቸገረዎ መጀመሪያ ሪሴት አድርገው ቅንብሩን በእጅ ሞልተው ይሞክሩ፤ ከአሮጌው እትም የተሻገረ ቅንብር በአዲሱ ላይ እንግዳ ጠባይ ሊያመጣ ይችላል።

*የሞተን ሞዴል ለማዘመን መድከም።* ይህን በመጨረሻ ያደረግሁት ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ችግር እሱ ስለሆነ ነው። ጀርባውን ገልብጠው `Ver: 8` ወይም `Ver: 10` የሚል ካገኙ፣ ከላይ በጠቀስኩት ክፍተት ከሚጠቁት አንዱን ይዘዋል። እነዚህ እትሞች የአምራቹ ድጋፍ ያበቃላቸው ናቸው፤ ያ መሥሪያ ቤትም መከላከያ ካልተገኘላቸው ከአገልግሎት እንዲወጡ መክሯል። በአምራቹ ገጽ ላይ ለእትምዎ ያለው የመጨረሻው ፋይል የብዙ ዓመት ዕድሜ ካለው፣ ያንኑ ጭነው ለጊዜው `Remote Management`ን ይዝጉና የመግቢያውን የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ በሚቀጥለው ደመወዝ ሌላ ራውተር ይግዙ። ሲገዙም ካርቶኑ ሳይከፈት ጎኑ ላይ ያለውን የ`Ver` ቁጥር ያንብቡና እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆመው በስልክዎ ወደ አምራቹ ገጽ ገብተው ለዚያ እትም የወጣው የመጨረሻ ፈርምዌር መቼ እንደሆነ ይመልከቱ።